ቻርጅ ያለውን ሉል ለመገንባት የሚያስፈልገው ኢነርጂ፦ ከዩራኒየም ኒውክሊየስ እስከ ነጥባዊ ኤሌክትሮን

ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው የኤሌክትሪክ ቻርጆች እርስ በርሳቸው ስለሚገፋፉ፣ በአንድ ቦታ ለማሰባሰብ ሥራ መሠራት አለበት። የተሠራው ሥራ አይጠፋም፤ በተሰበሰበው ሥርዓት ውስጥ በኢነርጂ መልክ ይቀመጣል። ቻርጁ ወጥ በሆነ እፍግታ በአንድ ሉል ውስጥ የተሰራጨ ከሆነ የዚህ ኢነርጂ መጠን በጥቂት መስመሮች የሚሰላ ሲሆን፣ ስሌቱም በመጀመሪያ ዲግሪ የኤሌክትሮማግኔቲዝም ትምህርት የቤት ሥራ ሆኖ ይሰጣል። ይሁን እንጂ በውጤቱ ውስጥ የሉሉ ሬዲየስ በአካፋይነት ተቀምጧል። ሬዲየሱ እያነሰ በሄደ መጠን ኢነርጂው ይጨምራል፤ ሬዲየሱ ወደ ዜሮ ሲጠጋም ኢነርጂው ወሰን ያጣል። የቤት ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ችግሩ ግን ከዚህ ይጀምራል። ኤሌክትሮን እስከ ዛሬ በተደረጉ ሙከራዎች ሁሉ ምንም ስፋት እንደሌለው ነጥብ ሆኖ የተገኘ ቅንጣት ነውና።

ሉሉን መገንባት

ሉሉ እንደ ሽንኩርት በንብርብር ይገነባል ተብሎ ይታሰብ። በመጀመሪያ ባዶ ቦታ አለ። ከእጅግ ሩቅ ቦታ ጥቂት በጥቂት ቻርጅ እየመጣ በስስ ቅርፊት መልክ ይለጠፋል። ግንባታው ሬዲየስ r ላይ በደረሰበት ቅጽበት እስከዚያ የተሰበሰበው ቻርጅ ከይዘቱ ጋር ተመጣጣኝ ስለሆነ፣ አጠቃላዩ ቻርጅ Q፣ የመጨረሻው ሬዲየስ ደግሞ R ከሆነ፣

q = Q r³/R³

ይሆናል። ቀጥሎ የሚለጠፈው ቅርፊት የሚይዘው ቻርጅ dq = 3Q r² dr/R³ ነው። እስካሁን የተገነባው ሉል ውጭ ላለ ቻርጅ ሙሉ በሙሉ ማዕከሉ ላይ እንደተቀመጠ ሆኖ ስለሚሠራ፣ አዲሱን ቅርፊት ከሩቅ አምጥቶ ሬዲየስ r ላይ ለማስቀመጥ የሚያስፈልገው ሥራ k q dq/r ነው። ይህ ከዜሮ እስከ R ሲደመር፣

U = (3kQ²/R⁶) ∫ r⁴ dr = (3/5) kQ²/R

ይገኛል።

በዚህ ስሌት ውስጥ አንድ ነገር በዝምታ ታልፏል። አዲሱ ቅርፊት በተሠራበት ጊዜ የራሱ የቅርፊቱ ክፍሎችም እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ ያንን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ሥራ k(dq)²/2r ነው። ይህ መጠን የdq ካሬ በመሆኑ፣ ቅርፊቱ እየሳሳ ሲሄድ ከዋናው ሥራ አንጻር ወደ ምንምነት ይጠጋል፤ ስለዚህም መተዉ ተገቢ ነው። ሆኖም የተተወው ቁራጭ ምን እንደሆነ ልብ ማለት ይገባል፤ ቁራጩ አንድ የቻርጅ ክፍል ከራሱ ጋር ያለው ኢነርጂ ነው።

ያው ውጤት በሌላ መንገድም ይገኛል። ኢነርጂው በቻርጆቹ ላይ ሳይሆን በዙሪያቸው ባለው የኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ተሰራጭቷል ብሎ መውሰድ ይቻላል፤ በዚህ አመለካከት በእያንዳንዱ የቦታ ነጥብ የኢነርጂው እፍግታ ε₀E²/2 ነው። በሉሉ ውስጥ መስኩ kQr/R³ ስለሆነ የውስጡ ድርሻ kQ²/10R ይሆናል። ከሉሉ ውጭ መስኩ kQ/r² ሲሆን ድርሻው kQ²/2R ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ሦስት አምስተኛ ይሰጣሉ። ከድምሩ ይልቅ ክፍፍሉ ብዙ ይናገራል፤ ከኢነርጂው ስድስት እጅ አምስቱ ያለው ከሉሉ ውጭ ነው። ሉሉ ሲጨመቅ ቀድሞ ውጭ የነበረው መስክ አይለወጥም፤ ሉሉ በለቀቀው ቦታ ላይ ግን እጅግ ብርቱ የሆነ አዲስ መስክ ይተካል። ስለዚህ የቻርጁ የውስጥ ስርጭት ምንም ዓይነት ቢሆን (ባዶ ቅርፊት ከሆነ ከሦስት አምስተኛ ይልቅ ግማሽ ይወጣል) ሬዲየሱ ሲያንስ የሚመጣው ዕድገት አይቀርም።

ቀመሩ በትክክል የሚሠራበት ቦታ

ይህ ቀመር ከወረቀት ወጥቶ ከተፈጥሮ ጋር የሚገናኘው በአቶም ኒውክሊየስ ውስጥ ነው። በከባድ ኒውክሊየሶች ውስጥ ፕሮቶኖች በቀረቤታ ሲታዩ በወጥ እፍግታ በተሞላ ሉል ውስጥ እንደተሰራጩ ይቆጠራል፤ ሬዲየሱም የጅምላ ቁጥሩ A ኩብ ሥር በ1.2 ፌምቶሜትር ተባዝቶ ይገኛል። የአንድ ኤሌክትሮናዊ ቻርጅ ካሬ በk ሲባዛ 1.44 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት በፌምቶሜትር ስለሆነ፣ ስሌቱ በእጅ የሚሠራ ነው።

ዩራኒየም 235 አንድ ኒውትሮን ሲውጥ የሚፈጠረው ኒውክሊየስ 92 ፕሮቶኖች እና 236 የጅምላ ቁጥር አለው። ሬዲየሱ 7.4 ፌምቶሜትር ገደማ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ወደ ቀመሩ ሲገቡ የግንባታው ኢነርጂ ወደ 986 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይሆናል። አሁን ይህ ኒውክሊየስ ለሁለት እኩል ቦታ ይከፈል። እያንዳንዱ ግማሽ 46 ፕሮቶኖች፣ 118 የጅምላ ቁጥር እና 5.9 ፌምቶሜትር ገደማ ሬዲየስ ይኖረዋል፤ የየራሳቸው የግንባታ ኢነርጂም 311 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። ሁለቱ ተደምረው 621 ይሆናሉ። ስለዚህ በመከፈሉ ምክንያት ከኤሌክትሪክ ኢነርጂው 365 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነጻ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ግን ለውጭው ዓለም አይደርስም። ኒውክሊየስ እንደ ፈሳሽ ጠብታ የገጽ ውጥረት አለውና፣ አንዱ ጠብታ ሁለት ሲሆን አጠቃላይ የገጹ ስፋት ይጨምራል፤ ለዚያም ኢነርጂ ይከፈላል። በጠብታው አምሳያ በተለመደው የገጽ ቋሚ ቁጥር ሲሰላ ይህ ወጪ ወደ 177 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይሆናል። የሚተርፈው 190 ገደማ ሲሆን፣ በፊዥን ከሚለቀቀው ወደ 200 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ከሚጠጋ ኢነርጂ ጋር ይቀራረባል። ሊዘ ማይትነር እና ኦቶ ፍሪሽ በ1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የሃንንና የሽትራስማንን ግኝት በተረጎሙበት ጊዜ የተመሩት በዚሁ የጠብታ አስተሳሰብ ነበር። እውነተኛው ፊዥን በአብዛኛው እኩል ያልሆኑ ቁራጮችን ይሰጣል፤ የኢነርጂው ሚዛን ግን በዚህ ብዙ አይናወጥም።

በዚህ የተሳካ ስሌት ውስጥ አንድ ትንሽ እርማት ተደብቋል። የኒውክሊየስ ፊዚክስ መጻሕፍት በብዛት የፕሮቶኖቹን ቁጥር ካሬ Z² ሳይሆን Z(Z−1) ይጽፋሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሉሉ ቀመር ሁሉም ቻርጅ ሁሉንም ቻርጅ እንደሚገፋ ይቆጥራል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮቶን በሉሉ ውስጥ ተበትኖ ራሱን በራሱ እንደሚገፋ አድርጎም ይወስዳል። አንድ ፕሮቶን ብቻ ላለው ሃይድሮጅን ቀመሩ ከዜሮ የተለየ ውጤት መስጠቱ ስሕተቱን ያጋልጠዋል፤ የሚገፋው ሌላ ፕሮቶን የለምና። ለዩራኒየም እርማቱ ከ986 ላይ 11 ገደማ መቀነስ ነው። በሁለቱ ቁራጮች ላይም በድምሩ 13 ተኩል ያህል ስለሚቀነስ፣ ነጻ በሚወጣው ኢነርጂ ላይ የሚያመጣው ልዩነት ሦስት ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት አይሞላም።

ታዲያ የፕሮቶኑ የራስ ኢነርጂ የት ሄደ? መልሱ፣ መጠኑ ምንም ያህል ይሁን፣ ቀድሞውኑ በፕሮቶኑ መጠነ ቁስ ውስጥ ተካቷል የሚል ነው። ፕሮቶን ሲመዘን የሚገኘው ቁጥር ከነመስኩ የተመዘነ ነው፤ መስኩን ከፕሮቶኑ ገፎ መመዘን አይቻልም። ኒውክሊየሱ ሲከፈልም ይህ ኢነርጂ ከክፍፍሉ በፊትም በኋላም እዚያው ስላለ በልዩነቱ ውስጥ አይታይም።

የራስ ኢነርጂ ለምን በአንዱ ቦታ ይጠፋል፣ በሌላው ይቀራል

የራስ ኢነርጂ በተከታታይ ስርጭት ውስጥ ምንም ጉዳት የማያደርሰው ለምን እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። ወጥ ቻርጅ ያለው ሉል N ወደሚሆኑ ትናንሽ ክፍሎች ይቆረጥ። የእያንዳንዱ ክፍል ቻርጅ Q/N ሲሆን፣ መጠኑ ከሉሉ ሬዲየስ በN ኩብ ሥር ያነሰ ነው። የአንዱ ክፍል የራስ ኢነርጂ በቻርጁ ካሬ ይወርዳል፤ መጠኑ በማነሱ ደግሞ በጥቂቱ ይወጣል። የሁሉም ክፍሎች የራስ ኢነርጂ ሲደመር ከአጠቃላዩ ኢነርጂ አንጻር የሚይዘው ድርሻ በግምት 1/N^(2/3) ነው። ሉሉ ወደ አንድ ሺህ ክፍሎች ቢቆረጥ ድርሻው አንድ በመቶ፣ ወደ አንድ ሚሊዮን ቢቆረጥ ከአሥር ሺህ አንድ ይሆናል። ቁራጮቹ እያነሱ ሲሄዱ የራስ ኢነርጂ ድርሻ ይከስማል፤ የቀረው በሙሉ የቁራጮቹ የእርስ በርስ ኢነርጂ ነው። ቀደም ሲል የቅርፊቱ የራስ ሥራ ያለ ጭንቀት የተተወው በዚሁ ምክንያት ነበር።

የዚህ ሁሉ መሠረት ቁራጩ ሲያንስ ቻርጁም አብሮ ማነሱ ነው። ኤሌክትሮን ይህንን ውል አያከብርም። ቻርጁ የተወሰነ መጠን ያለው ሆኖ አይከፋፈልም፤ ሬዲየሱ ግን ወደ ዜሮ ይወሰዳል። ኢነርጂውን የሚያወርደው አካል ባለበት ቆሞ የሚያወጣው ብቻ ይቀጥላል።

ሁለት ነጥባዊ ቻርጆች ባሉበት ሁኔታ ነገሩ ይበልጥ ይታያል። አጠቃላይ መስኩ የሁለቱ ድምር ነው፤ ካሬው ሲወሰድ E₁²፣ E₂² እና 2E₁·E₂ የሚባሉ ሦስት ክፍሎች ይወጣሉ። ሦስተኛው ክፍል በመላው ቦታ ሲደመር የታወቀውን k q₁q₂/r ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን እያንዳንዳቸው ወሰን የለሽ ናቸው። ብዙ ተማሪዎችን ግራ የሚያጋባው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከዚህ ነው። የፕሮቶንና የኤሌክትሮን ጥንድ ኢነርጂ አሉታዊ እንደሆነ ይታወቃል፤ የመስኩ እፍግታ ε₀E²/2 ግን በየትኛውም ነጥብ አሉታዊ ሊሆን አይችልም። ሁለቱ አባባሎች የማይጋጩት የመጀመሪያው የእርስ በርስ ኢነርጂን ብቻ ሲቆጥር ሁለተኛው የራስ ኢነርጂዎቹንም ስለሚያካትት ነው። በነጥባዊ ቻርጆች ላይ የመስኩን ቀመር እንዳለ መጠቀም ማለት ሁልጊዜ ሁለት ወሰን የለሽ ቁጥሮችን ሳያውቁ መደመር ማለት ነው።

የኤሌክትሮኑ ሒሳብ

በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ማክስ አብርሃም እና ሄንድሪክ ሎሬንትዝ ይህንን ጉዳይ እንደ ዕድል እንጂ እንደ ችግር አላዩትም። የኤሌክትሮን መጠነ ቁስ በሙሉ ከራሱ መስክ የመጣ ቢሆንስ? የእረፍት ኢነርጂው 0.511 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ፣ የወጥ ሉሉ ቀመር ይህንን እንዲሰጥ ሬዲየሱ 1.7 ፌምቶሜትር ገደማ መሆን አለበት። ሦስት አምስተኛው ተትቶ የሚገኘው 2.8 ፌምቶሜትር ዛሬም የኤሌክትሮን ክላሲካዊ ሬዲየስ ይባላል።

ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ ሁለት መሰናክሎች ግን ወዲያው ገጠሙት። የመጀመሪያው ሉሉን አንድ ላይ የያዘው ምንድን ነው የሚለው ነው። በኒውክሊየስ ውስጥ ፕሮቶኖቹን የሚያቅፍ ሌላ ኃይል አለ፤ የኤሌክትሮኑ ሉል ግን በራሱ ግፊት መበታተን ነበረበት። ሁለተኛው መሰናክል ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የሚንቀሳቀስ ሉል መስክ የሚይዘው ሞመንተም ሲሰላ፣ ከኢነርጂው ከሚጠበቀው መጠነ ቁስ በአራት ሦስተኛ ይበልጣል። ኦንሪ ፖኣንካሬ ሉሉን የሚይዝ ተጨማሪ ውስጣዊ ጫና በማስገባት ሒሳቡ እንዲታረቅ አደረገ፤ የዚያ ጫና ምንጭ ግን ኤሌክትሪክ አልነበረም። መጠነ ቁስን በሙሉ በኤሌክትሪክ የማስረዳት ዓላማ በዚያው ተበላሸ።

ከዚያ ወዲህ የመጣው የሙከራ ውጤት ነገሩን አባብሶታል። ከፍተኛ ኢነርጂ ባላቸው ግጭቶች ኤሌክትሮን እስከ 10⁻¹⁸ ሜትር፣ ማለትም እስከ ፌምቶሜትር አንድ ሺህኛ ድረስ፣ ምንም ውስጣዊ መዋቅር አላሳየም። በዚህ ሬዲየስ የሉሉ ቀመር 864 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይሰጣል። የተመዘነው ግን 0.511 ነው፤ ስሌቱ ከልኬቱ ወደ 1,700 ጊዜ ያህል በለጠ። ሒሳቡን ለመዝጋት ለኤሌክትሮኑ ከመስኩ ውጭ የሆነ አንድ «ራቁት» መጠነ ቁስ መስጠትና፣ ኢነርጂው ከዜሮ በታች 863.5 እንዲሆን ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ በሒሳብ ደረጃ የተከለከለ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለት ግዙፍ ቁጥሮች ተጣፍተው እጅግ ትንሽ ቀሪ እንዲተዉ መጠየቅ ነው። ሬዲየሱ ይበልጥ ባነሰ ቁጥር ማጣፋቱ ይበልጥ የረቀቀ መሆን አለበት። ከዚህም በላይ ራቁቱ መጠነ ቁስ አሉታዊ ሲሆን የክላሲካዊ ኤሌክትሮዳይናሚክስ እኩልታዎች፣ ምንም ውጫዊ ኃይል ሳይነካው ፍጥነቱን ያለማቋረጥ እየጨመረ የሚሸሽ ኤሌክትሮንን እንደ መፍትሔ ይሰጣሉ። የራስ ኢነርጂ ችግር ቋሚ ቁጥር ቀንሶ የሚታለፍ ብቻ አለመሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው።

የኳንተም ቲዮሪ ያደረገው ማለዘብ

ክላሲካዊው ስሌት በ2.8 ፌምቶሜትር ላይ ይሰናከላል ቢባልም፣ በእርግጥ ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ሥልጣኑን ያጣል። የኤሌክትሮን የተቀነሰው ኮምፕተን ርዝመት 386 ፌምቶሜትር ሲሆን ከክላሲካዊው ሬዲየስ 137 ጊዜ ይበልጣል። ከዚህ ርዝመት ባነሰ ርቀት ውስጥ በኤሌክትሮኑ ዙሪያ ያለው ባዶ ቦታ እንደ ባዶ ሊቆጠር አይችልም፤ የኤሌክትሮንና የፖዚትሮን ጥንዶች በስሌቱ ውስጥ ይገባሉ። ኤሌክትሮኖች አንዱ ከሌላው የማይለዩ በመሆናቸው የነጥቡ ቻርጅ የሚያስከትለው ውጤት በኮምፕተን ርዝመት ያህል ስፋት ላይ ይበተናል፤ ወደ ነጥቡ ሲጠጉ የነበረው ፈጣን ዕድገትም በአብዛኛው ይጣፋል።

ይህንን በስሌት ያሳየው ቪክቶር ቫይስኮፍ ነው። በ1934 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የመጀመሪያ ጽሑፍ የምልክት ስሕተት ነበረበት፤ ዌንደል ፈሪ በደብዳቤ አመልክቶት ታረመ። ከእርማቱ በኋላ የተገኘው፣ የራስ ኢነርጂው እንደ 1/R ሳይሆን እንደ ሬዲየሱ ሎጋሪዝም ብቻ የሚያድግ መሆኑ ነው። ልዩነቱን ለመረዳት ቀደም ሲል የተጠቀሰውን 10⁻¹⁸ ሜትር መልሶ መውሰድ ይበቃል። ዋናው የሎጋሪዝም ክፍል፣

δm/m ≈ (3α/2π) ln(ħ/mcR)

ሲሆን፣ α አንድ መቶ ሠላሳ ሰባተኛ ገደማ ነው። የሎጋሪዝሙ ዋጋ 12.9 ያህል ይሆናል፤ ውጤቱም 4.5 በመቶ። በክላሲካዊው ሉል 1,700 ጊዜ የነበረው ትርፍ ወደ ጥቂት በመቶ እርማት ወርዷል። ርዝመቱ እስከ ፕላንክ ርዝመት፣ 1.6 × 10⁻³⁵ ሜትር ድረስ ቢወሰድ እንኳ እርማቱ 18 በመቶ ገደማ ነው። አሉታዊ ራቁት መጠነ ቁስ አያስፈልግም፤ የረቀቀ ማጣፋትም አያስፈልግም።

ሎጋሪዝሙ ግን አሁንም ወሰን የለውም፤ ሬዲየሱ በእርግጥ ዜሮ ሲሆን ያድጋል፤ ዕድገቱ እጅግ ቀርፋፋ ሆነ እንጂ አልቆመም። እዚህ ላይ የተወሰደው መፍትሔ በመሠረቱ ቀደም ሲል በZ(Z−1) ውስጥ የታየው ነው። ሃንስ ቤተ በ1947 (እ.ኤ.አ.) የሃይድሮጅንን የላምብ ፈቀቅታ ሲያሰላ፣ የነጻ ኤሌክትሮንን የራስ ኢነርጂ በአቶም ውስጥ ካለው ኤሌክትሮን የራስ ኢነርጂ ላይ ቀነሰ። የነጻው ኤሌክትሮን ድርሻ በተመዘነው መጠነ ቁስ ውስጥ ስለተካተተ እንደገና መቁጠሩ ስሕተት በሆነ ነበር። የቀረው ልዩነት 1,040 ሜጋኸርትዝ ገደማ ሆኖ፣ ላምብ እና ረዘርፎርድ ከለኩት 1,000 ሜጋኸርትዝ ገደማ ጋር ተቀራረበ።

ይህ አካሄድ ልዩነቶችን በድንቅ ትክክለኛነት ይሰጣል፤ የኤሌክትሮኑን 0.511 ግን አይሰጥም። ቁጥሩ ከልኬት ተወስዶ ወደ ቲዮሪው ይገባል። የአብርሃምና የሎሬንትዝ ሐሳብ ከዚህም ውጭ ሌላ ምስክር ተነሥቶበታል። ሙዮን ከኤሌክትሮን ጋር ፍጹም እኩል ቻርጅ አለው፤ እንደ ኤሌክትሮንም መዋቅር አልታየበትም፤ መጠነ ቁሱ ግን 207 ጊዜ ይበልጣል። በሉሉ ቀመር ይህንን ለማስረዳት የሙዮን ሬዲየስ ከኤሌክትሮን 207 ጊዜ ያነሰ ነው ማለት ያስፈልጋል። ያ ደግሞ የኤሌክትሮን ሬዲየስ በፌምቶሜትር የሚለካ መሆኑን ይጠይቃል፤ ሙከራዎቹ ውድቅ ያደረጉትም ይህንኑ ነው።